የሜዳ ሕዝብ ከድሮን ቪዲዮ እንዴት ይቆጠራል? (ሐዋሳ)

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ በአንድ ሜዳ ላይ የተከበረ በዓል በድሮን ቀርጬ ነበር። መድረክ ላይ «200 ሺህ ሰው ተገኝቷል» ተባለ። እኔ ግን ገጻችን ላይ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ራሴ ልሞክረው ብዬ ስሠራ 53 ሺህ መጣልኝ፤ ልዩነቱ አስደነገጠኝ። ሜዳውን በጉግል ኧርዝ ስለካው 26 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። መድረኩን፣ የቆሙ መኪኖችንና ዛፎቹን ስቀንስ 23 ሺህ ይቀራል። ድሮኑ 60 ሜትር ላይ ሆኖ ቀጥታ ቁልቁል የቀረጸው አጭር ቪዲዮ አለኝ፤ የቀረው ከጎን የተነሣ ሰፊ ምስል ነው። የካሜራዬ ሌንስ 24 ሚሊሜትር ስለሆነ በ60 ሜትር ከፍታ 90 ሜትር ወርድ ይሸፍናል ብዬ፣ በዚያ ልክ 10 በ10 ሜትር ሳጥን እየሣልኩ ጭንቅላት ቆጠርኩ። መድረኩ ፊት ባለው 4 ሺህ ካሬ ሜትር በአንድ ሳጥን በአማካይ 530 ሰው፣ መሃል ባለው 9 ሺህ ላይ 270፣ ዳር ባለው 10 ሺህ ላይ 76። ቁጥሬ ልክ ነው? ስህተቱስ ምን ያህል ይሆናል?

ዳኜ ካሜራ

ወንድሜ፣ ጭንቅላት በመቁጠር ዓይንህን አታጥፋ። ጄኮብስ የሚባል አሜሪካዊ የጋዜጠኝነት መምህር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎችን ሰልፍ ሲቆጥር ያወጣው ቀላል መንገድ አለ። ሳሳ ላለ ሕዝብ በካሬ ሜትር 1 ሰው፣ ጠጋ ላለ 2 ተኩል ገደማ፣ ጥቅጥቅ ላለ 4። ከጎን ያነሣኸውን ፎቶ ለጥፈህ አይቼዋለሁ፤ እስከ ኋላ ድረስ መርፌ መጣያ የለውም። 23 ሺህን በ4 አባዛና 92 ሺህ ብለህ ጻፍ።

ጋሽ ቀያሽ

ዳኜ፣ መንገዱ ጥሩ ነው፤ ግን ጄኮብስ ራሱ መጀመሪያ በፎቶ ላይ ጭንቅላት ቆጥሮ ነው እነዚያን ቁጥሮች ያገኘው። ከጎን በተነሣ ፎቶ ላይ በዓይን ግምት መጠቀም ግን ሁልጊዜ ያበዛል። ምክንያቱን ላሳይህ። ካሜራው 60 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ከሥሩ 200 ሜትር ርቆ የቆመ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከኋላው ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። 30 ሜትር ርቆ የቆመው ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ሩቁ ቦታ ላይ ሰዎች በ5 ሜትር ተራርቀው ቢቆሙም አንተ የምታየው ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ ነው። ያ «መርፌ መጣያ የለውም» ያልከው የኋላ ክፍል፣ ልጁ ከላይ ሲቆጥረው ከሦስቱም የሳሳው ነው።

አሁን ወደ አንተ፣ ልጄ። 200 ሺህን ለ23 ሺህ ካሬ ሜትር ብታካፍለው በካሬ ሜትር ከ8 ሰው በላይ ይመጣል። በ5 ሰው ላይ እንደ ልብ መንቀሳቀስ የለም፤ 6 እና 7 ሲደርስ ሰው በፈቃዱ አይራመድም፣ ግፊቱ ወስዶ ነው የሚያላትመው፤ ሰው የሚሞተውም ያኔ ነው። ስለዚህ 200 ሺህ የሚባለውን እርሳው፤ ሜዳው አይችለውም።

ግን ያንተም ቁጥር አልተዋጠልኝም። መድረኩ ፊት በ4 ሺህ ካሬ ሜትር ሁሉ ላይ በአማካይ 5.3 ሰው ማለት ነው የጻፍከው። እዚያ ያለው ሕዝብ ይጨፍር ነበር ወይስ ተጣብቆ ቆሞ ነበር? ድሮኑንስ ከየት ነው ያስነሣኸው?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ክብ ሠርተው ይጨፍሩ ነበር፤ እንዲያውም አንዷ እናት ሕፃን አዝላ ስትጨፍር በግልጽ ትታያለች። ድሮኑን ያስነሣሁት ከጎን ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፤ ታች ሕዝቡ መሃል አልመች ብሎኝ። ጂ+5 ነው።

ጋሽ ቀያሽ

ገብቶኛል። ሪሞቱ ላይ የሚታየው ከፍታ ድሮኑ ከተነሣበት ነጥብ የሚለካ ነው እንጂ ከሜዳው አይደለም። ጂ+5 ወደ 18 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ድሮንህ ከሕዝቡ 78 ሜትር ላይ ነበር። ምስሉ የሸፈነው 90 ሳይሆን 117 ሜትር ነው። አንተ 10 በ10 ብለህ የሣልከው ሳጥን በእውነቱ 13 በ13 ሆኗል፤ 100 ካሬ ሜትር ያልከው 169 ነው። የከፍታው ስህተት 30 በመቶ ሆኖ የሕዝቡ ስህተት 69 በመቶ የሆነው ለዚህ ነው፤ ርዝመቱም ወርዱም አብረው ስለሚበዙ።

ግን የእኔን ግምት ይዘህ አትሂድ፤ የሕንፃው ፎቅ ከፍታ ይለያያል፣ ብዙ ድሮኖች ደግሞ ቪዲዮ ሲቀርጹ የምስሉን ዳር ይቆርጣሉ። ሜትር ይዘህ ወደ ሜዳው ተመለስ። ቁልቁል በተቀረጸው ላይ እግራቸው የሚታይ ሁለት ምሰሶዎች ፈልግና መካከላቸውን መሬት ላይ ለካ። የእግር ኳስ ጎሉን አትጠቀም፤ ደንቡ 7 ሜትር ከ32 ቢልም የሰፈር ጎል ሁሉ ልኩን አይጠብቅም፣ አጭር ርዝመት ላይ ደግሞ ትንሿ የአነባበብ ስህተት ትልቅ ትሆናለች።

እታለም ከአዳማ

እኔም ይሄው ነገር አቃጥሎኛል። አዳማ በጥምቀት ለታቦት ሸኚው ውሃ የምናድል ሴቶች ነን። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ በድሮን አይቶ «8 ሺህ ሰው ነው» ስላለን በዚያ ልክ አዘጋጀን፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀብን። እና ይሄ የድሮን ቆጠራ ለምን ያሳንሳል? እናንተ ደግሞ ያበዛል እያላችሁ ነው።

ጋሽ ቀያሽ

እታለም እህቴ፣ የልጁ ቁጥር ላይሳሳት ይችላል፤ ጥያቄው ሌላ ነበር። ፎቶ የሚነግርሽ በዚያች ደቂቃ ቆሞ የነበረውን ሰው ነው። ጥምቀት ላይ ሰው ይመጣል፣ ይሸኛል፣ ይመለሳል፣ ሌላ ይተካል። ለእናንተ የሚበጀው ሰው የሚያልፍበት አንድ መንገድ መርጦ በየ10 ደቂቃው አንዷን ደቂቃ መቁጠርና በ10 ማባዛት ነው። የሐዋሳው ግን ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ነበር ነው የሚለው። ልጄ፣ አንተም ስትጽፍ ሰዓቱን ጻፍ፤ «በዓሉ ላይ የተገኘው» ካልክ ሌላ ነገር ይሆናል።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ሄጄ ለካሁ። ሁለቱ የመብራት ምሰሶዎች መሬት ላይ 39 ሜትር ናቸው፤ በእኔ ስሌት ምስሉ ላይ 30 ሆነው ነው የሚወጡት። ልክ እንዳሉት 1.3 እጥፍ። ቁጥሮቹን ለ1.69 ሳካፍላቸው መድረኩ ፊት በ100 ካሬ ሜትር 314 ሰው፣ መሃል 160፣ ዳር 45 ሆነ። ሲባዛ 12,500፣ 14,400 እና 4,500፤ ድምሩ 31,400። ስንት በመቶ ስህተት ልበል?

ዳኜ ካሜራ

የጎን ፎቶውን ጉዳይ ተቀብያለሁ፣ ጋሼ። ስህተቱ ግን የሚያሳስብ አይመስለኝም፤ ብዙ ሳጥን ከቆጠረ አንዱ ሲበዛ ሌላው ሲያንስ ይጣፋል።

ጋሽ ቀያሽ

ግማሹ ይጣፋል። አንዱ ሳጥን ጭፈራ መሃል ወድቆ፣ ሌላው ባዶ ቦታ ላይ ወድቆ የሚመጣው ልዩነት ሳጥን ሲጨመር ይቀንሳል። የጣሪያው ስህተት ግን ሁሉም ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሺህ ሳጥን ብትቆጥርም አይነቃነቅም። ልጁ 53 ሺህ ላይ የቆመው ሳጥን አንሶት አይደለም።

ስለዚህ ለየብቻ እንየው። ያን 30 ሜትር ስታነብ በአንድ ሜትር ብትስት፣ ስፋት ላይ ሲደርስ 7 በመቶ ይሆናል። በሳጥኖቹ መካከል ካለው መበላለጥ 12 በመቶ ያዝ። «መድረክ ፊት» የት አልቆ «መሃል» የት ይጀምራል የሚለውን መስመር አንተ ነህ የሣልከው፤ ለእሱ 10 በል። ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ሳጥን ሲቆጥር በ5 በመቶ ይለይሃል፤ ይህን ደግሞ ጓደኛህን አስቆጥረህ አረጋግጥ። እነዚህ እርስ በርስ ስለማይገናኙ ተደምረው 34 አይሆኑም። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ደምርና ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፤ ወደ 18 ይመጣል። 20 በለው። ከ25 ሺህ እስከ 38 ሺህ።

ይህ ሰፊ መስሎህ አትፈር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋሽንግተን ላይ ለተደረገው የጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ታላቅ ሰልፍ የፓርኮች መሥሪያ ቤት 400 ሺህ ሲል፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ፋሩቅ ኤል ባዝ ከአየር ፎቶ ወደ 837 ሺህ ነው ያደረሱት፤ እሳቸውም 20 በመቶ ወዲህና ወዲያ ብለው ነበር።

ጊዜ ካለህ ደግሞ መሃል ላይ ሳጥን ጨምር። ዳር ያለው በ40 በመቶ ቢሳሳት እንኳ የሚጎድለው 1,800 ሰው ነው፤ መሃሉ ግን በ20 በመቶ ብቻ ቢስት ወደ 2,900 ይሄዳል።

ሜሪ

እኔ እዚያው ሜዳ ነበርኩ። ፀሐዩ ስለከበደን እናቴን፣ ሁለት ልጆቼንና እኔን አንድ ጃንጥላ ነው የሸፈነን። ዛፎቹ ሥርም ሰው ሞልቶ ነበር። እኛ በየትኛው ሳጥን ተቆጠርን?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

እውነትሽን ነው፤ አንዱን ጃንጥላ እንደ አንድ ሰው ነው የቆጠርኩት፣ የዛፎቹን ሥር ደግሞ ከስፋቱ ጭምር አውጥቼዋለሁ። አሁን አንድ ጓደኛዬ በስልክ ከቀረጸው ላይ 20 ጃንጥላ መርጬ ከሥራቸው ያለውን ቆጠርኩ፤ 37 ሰው ነው። በዚህ ልክ ልጨምር?

ዳኜ ካሜራ

ጨምር እንጂ! ቆጥረኸዋልኮ።

ጋሽ ቀያሽ

እኔ አልጨምርም። ጓደኛህ የቀረጸው የት ቆሞ ነው? ቤተሰብ ይዞ የተቀመጠው ዳር ላይ ከሆነ አንድ ጃንጥላ ለአራት ይሆናል፤ ጭፈራው አጠገብ ግን አንዷ ለብቻዋ ይዛው ነው የምትቆመው። ከሦስቱም ቦታ የስልክ ቪዲዮ እስክታገኝ 31 ሺህን አትንካው፤ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ከፍ አድርገህ ጃንጥላና ዛፍ ሥር የነበሩት ሙሉ በሙሉ እንዳልተቆጠሩ ጻፍ።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ዳር ቆሞ ነው የቀረጸው፣ ጋሼ። ሜሪ፣ አንቺ የቀረጽሽው ካለ ብትልኪልኝ? መሃል ላይ የነበረ ሰውም ካለ እባካችሁ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለውን ነው የምፈልገው፣ ድሮኑ የቀረጸው በዚያ መሃል ስለሆነ።