በሳምንት አራት ሰዓት ላለው ሯጭ፦ ዝግታ ወይስ ትሬሽሆልድ?

ትናንት አንድ አሰልጣኝ የተናገረው፦ «በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው በዝግታ የሚሮጠው ባዶ ኪሎሜትር ነው። በወጣ ቁጥር ትሬሽሆልድ ይሥራ፤ ማለትም በውድድር አንድ ሰዓት ያህል ሊይዘው በሚችለው ጠንከር ያለ ፍጥነት ይሩጥ።»

ቢኒያም፦ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰው እኮ ይጎዳል! ሰማንያ በመቶ ቀላል፣ ሃያ በመቶ ከባድ፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስፔን ውስጥ 30 የጤና ሯጮችን ለ10 ሳምንት አሠርተው አብዛኛውን በጣም ቀላል፣ ጥቂቱን በጣም ከባድ አድርጎ መሃለኛውን የሚቀንሰው ፖላራይዝዱ ቡድን በ10 ኪሎሜትር 5 በመቶ፣ ትሬሽሆልድ የበዛበት 3.6 በመቶ አሻሻለ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ዳዊት፦ «ባዶ ኪሎሜትር» የተባለው ልክ ነው። ሰማንያ ሃያው የተቀዳው በቀን ሁለቴ ከሚሠሩ አትሌቶች ነው። እነሱ በዝግታ የሚሮጡት ከባዱን ደጋግመው መሥራት ስለማይችሉ ነው። በሳምንት አራቴ የሚወጣ ሰው ግን በመሃል ሦስት ቀን ያርፋል። ለምን ተጨማሪ እረፍት?

ጋሽ መርሻ፦ ልጆች፣ ማራቶንን በአራት ሰዓት ለመጨረስ አንዱን ኪሎሜትር በ5:41 መሄድ ነው። ይህን ያህል የሚያጣላ ነገር አልታየኝም።

ሰላማዊት፦ ጋሼ፣ የሳምንት የልምምድ ጊዜ ነው የተባለው።
ቢኒያም፣ ጥናቱን ሙሉውን ንገረን እንጂ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። ሰፊ ልዩነት የወጣው ፕሮግራሙን በደንብ የተከተሉትን 12 ሰዎች ለብቻ ሲያዩ ነው፤ 7 በመቶ ለ1.6። ደስ ይላል፣ ግን 12 ሰው ነው።
አሁን እንቁጠር። ሦስት ቀን 50 ደቂቃ፣ እሑድ 90፤ ድምሩ 240። ማክሰኞ 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ጠንከር ብሎ ቢሄድ 30 ደቂቃ ነው። በደቂቃ ሲሰላ 12.5 በመቶ፣ በልምምድ ቀን ሲቆጠር ግን ከአራት አንድ፣ 25 በመቶ። የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ስቲቨን ሳይለር ሰማንያ ሃያ ያለው በልምምድ ቁጥር እንጂ በደቂቃ አይደለም። ሐሙስም ብትደግመው በደቂቃ ገና 25 በመቶ ነህ። የምትጣሉት በአንዲት ሐሙስ ነው።

ቢኒያም፦ «አንዲት ሐሙስ» አትበይ እህቴ። ማክሰኞ ያስቀመጥሽውም ራሱ ትሬሽሆልድ ነው። ፖላራይዝድ ከሆነ 4 ደቂቃ አራት ጊዜ፣ ትንፋሽ በሚያሳጥር ፍጥነት ነው የሚሠራው።

ሰላማዊት፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ።

ዳዊት፦ እኔም የምለው እሱን ነው! 4 ደቂቃ አራቴ ማለት 16 ደቂቃ ከባድ ሥራ ነው፤ ከዚያ ሁለት ቀን እግርህ እንጨት ይሆናል። በትሬሽሆልድ 30 ደቂቃ ሠርተህ ሐሙስ ትደግመዋለህ።

ትርሲት፦ እኔ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ያለኝ አራት ሰዓት ነው። ቀላል ብዬ ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የእጅ ሰዓቴ የልብ ምቴን 171 ያሳየኛል፤ ከሁለት ቃል በላይ መናገር አልችልም። ሁለት ወር እንዲህ ሄጄ የ10 ኪሎሜትር ሰዓቴ ምንም አልተቀነሰም። የትኛው ቡድን ነኝ?

ቢኒያም፦ የእጅ ሰዓት አትመኚ፤ የልብ ምት የሚለካው በደረት ማሰሪያ ነው።

ዳዊት፦ ሁሉም ሰው ማሰሪያ ይግዛ ልትል ነው?

ሰላማዊት፦ ትርሲትዬ፣ የእጅ ሰዓት አንዳንዴ የእግር እርምጃን ቆጥሮ ልብ ነው ይላል፤ በደቂቃ የምትረግጪውም 170 አካባቢ ከሆነ ቁጥሩን ተጠራጠሪ። ትንፋሽሽ ግን አይዋሽም። ሁለት ቃል ብቻ ካስወራሽ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ላዩ ላይ ዳገት ተጨምሮበት! አንቺ ሳታውቂው በወጣሽ ቁጥር መሃለኛውን እየሠራሽ ነው፤ ማክሰኞ ስትደርሺ ለከባዱ የሚሆን ጉልበት የለሽም። ሜዳ ፈልጊና ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ ሩጪ፤ ዳገት ከመጣ ተራመጂ።
ለዳዊት፦ ሁለት ትሬሽሆልድ አልቃወምም። ግን ፍጥነቱ በውድድር አንድ ሰዓት ያህል ልትይዘው የምትችለው መሆን አለበት። ሦስተኛው 10 ደቂቃ ከመጀመሪያው ከዘገየ ትሬሽሆልድ አልሠራህም፣ ተወዳድረሃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ ብሆን ስድስት ሳምንት ማክሰኞን ብቻ ሠርቼ፣ ቁርጭምጭሚትና ባት ካላመመኝ ሐሙስን እጨምራለሁ።

ዳዊት፦ ስድስት ሳምንት! ታላቁ ሩጫ እኮ ስምንት ሳምንት ነው የቀረው።

ቢኒያም፦ እንግዲያው ለሁለት ሳምንት ትሬሽሆልድ ስትል ነው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ? ትልልቆቹ አትሌቶቻችን እንኳ ጫካ ውስጥ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሮጡ አላየህም?

ዳዊት፦ እነሱ በማግስቱ ኮሮኮንች ላይ 30 ኪሎሜትር አለባቸው። እኔ በማግስቱ ቢሮ ነኝ። ልዩነቱ እሱ ነው እኮ።

ትርሲት፦ ዛሬ ጃንሜዳ ሄጄ እያወራሁ ሮጥኩ። በኪሎሜትር 8:20። ሰው ሁሉ አለፈኝ። እውነት ይህ ነው ልምምድ የሚባለው?

ሰላማዊት፦ አዎ። ማክሰኞ ሦስተኛው 10 ደቂቃ ላይ ምን እንደተሰማሽ ጻፊልን።