ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ለኮንትሮል ኮርስ አስጠኚ፣ ሀንድአውት ወይስ ካልኩሌተር?

የፖሊ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ኤሌክትሪካል ነኝ፣ ኮንትሮል እየወሰድኩ ነው። ያስቸገሩኝ ኢኒሻል ቫልዩና ፋይናል ቫልዩ ቲዎረም ናቸው። ፎርሙላቸውን አውቃለሁ። ኢንቨርስ ላፕላስ ሳልሠራ ውጤቱ የት እንደሚያርፍ አወጣለሁ። ግን አንዳንዴ መልሴ ከግራፉ ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ሦስት አማራጭ አለኝ። አንደኛው ፖሊ ካምፓስ አካባቢ በሰዓት እየተከፈለው የሚያስጠና ተመራቂ ነው። ሁለተኛው ፔዳ በኩል ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ጥራዝ ሀንድአውት ነው። ሦስተኛው ካሲዮ 991 ገዝቼ ለብቻዬ መለማመድ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የጣለኝ ጥያቄ ይኸውና። ፕላንቱ `1/((s+1)(s+2)(s+3))`፣ ፊድባኩ ዩኒቲ፣ ኮንትሮለሩ ጌይን `K` ብቻ። ለስቴፕ ግብዓት የመጨረሻው ኤረር 5 በመቶ እንዲሆን `K` ስንት ይሁን?

ሰርኪዩት

ሀንድአውቱን ግዢ። እኔ በሱ ነው ያለፍኩት። ቲዎረሙ እኮ አንድ መስመር ነው። `s` ን በፋንክሽኑ አባዢ፣ `s` ን ዜሮ አድርጊ፣ አለቀ። ኤረሩ `6/(6+K)` ይወጣል። 0.05 እንዲሆን `K = 114`። ሀንድአውቱ ላይ እንዲህ ዓይነት ብዙ ጥያቄ ከነመልሱ አለ።

የፖሊ ልጅ

እኔም 114 ነው ያልኩት። ላብ ላይ ሲሙሌት ሳደርገው ግን ግራፉ እየሰፋ ሄደ። የትም አላረፈም።

ሰርኪዩት

ቢዋዥቅም ችግር የለውም። ቲዎረሙ አማካዩን ነው የሚሰጥሽ። መሀሉን እይ፣ 0.95 ላይ ነው።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

እህቴ፣ አማራጮችሽን ከማወዳደራችን በፊት ይቺን ጥያቄ እንጨርሳት። አስጠኚውንም ሀንድአውቱንም የምትመዝኚበት ጥያቄ በእጅሽ ነው ያለው።

ፓርሻል ፍራክሽን ስትሠሪ የስቴፕ ውጤቱ ምን እንደሚመስል አስቢ። አንድ `A/s` አለ። የቀሩት ደግሞ ከሌሎቹ ፖሎች የሚመጡ ናቸው። ሁሉንም በ `s` አባዝተሽ `s` ን ወደ ዜሮ ስትወስጂ የሌሎቹ ድርሻ ይጠፋል፣ `A` ብቻዋን ትቀራለች። ቲዎረሙ የሚሠራው ይህንን ብቻ ነው፤ `A`ን ለቅሞ ይሰጥሻል። ሌሎቹ በጊዜ ውስጥ በእውነት ከጠፉ `A` የመጨረሻው ዋጋ ናት። ካልጠፉ ግን በወረቀት ላይ ጠፍተዋል፣ ማሽኑ ላይ አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ታችኛው ፖሊኖሚያል ነው። ያንቺው `s^3 + 6s^2 + 11s + 6 + K` ነው። በራውዝ ስታዪው 6 ሲባዛ በ11፣ ማለትም 66፣ ከ `6+K` መብለጥ አለበት። `K` ከ60 ማነስ አለበት ማለት ነው። 114 ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። በ114 ፖሎቹ ወደ -6.92 እና 0.46 ± 4.14j ይጠጋሉ። ሪል ክፍሉ ፖዘቲቭ ነው። ዑደቱ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በየዑደቱም ውዝዋዜው እጥፍ ይሆናል። ላብ ላይ ያየሽው ግራፍ ልክ ነው። የተሳሳተው 0.05 ነው።

@ሰርኪዩት፣ ስለ አማካይ ያልከው ከፊሉ እውነት ነው። `K` ልክ 60 ሲሆን ፖሊኖሚያሉ `(s+6)(s^2+11)` ይሆናል። ያኔ ውጤቱ ሳይሰፋም ሳይጠብም ለዘላለም ይዋዥቃል። ቲዎረሙ የሚሰጠው 0.0909ም የኤረሩ አማካይ ነው። ግን ማረፊያ አይደለም፣ ምክንያቱም የሚያርፍ ነገር የለም። `K` 114 ሲሆን ደግሞ አማካይ ማለቱም ትርጉም ያጣል። እጥፍ እጥፍ የሚያድግ ነገር በየትኛው ሰዓት ላይ ሆነሽ ነው አማካዩን የምትወስጂው?

ታዲያ የጥያቄው መልስ፣ በጌይን ብቻ 5 በመቶ አይደረስም። ከ9.09 በመቶ በላይ ነው መቆም የሚቻለው። `K = 54` ብትወስጂ ቲዎረሙ 10 በመቶ ይላል፣ ይህ እውነት ነው። ግን እሱም ቢሆን የት እንደሚያርፍ እንጂ መቼ እንደሚያርፍ አይነግርሽም። በ54 ውዝዋዜው እስኪሞት ወደ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። 5 በመቶ ከተፈለገ ኢንቴግራል ወይም ላግ መጨመር ነው። ከጨመርሽ በኋላም ፖሎቹን እንደገና ማየት አለብሽ።

ጣና ዳር ጥገና

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ኮንትሮል የሚያውቅ ሰው ስታወሩ አይቼ ነው የገባሁት። የውሃ ፓምፓችን በድራይቭ ነው የሚሠራው። ግፊቱ 4 ባር ላይ እንዲቆም አዝዘነዋል። እሱ ግን ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 3 ይላል። ሞተሩ ያጓራል። አንድ ባለሙያ አምጥተን «አማካዩ 4 ነው፣ ችግር የለበትም» ብሎን ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የሚሠራ ሰው ካለ ጠቁሙኝ።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ትምህርት ነበር፣ ግን ያንተ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። አማካዩ 4 መሆኑ መቆሙን አያሳይም። ድራይቩ ላይ የፒአይዲ ጌይን የሚል ቦታ አለ። የድሮውን ቁጥር ጽፈህ አስቀምጥና በግማሽ ቀንሰው። ውዝዋዜው እየጠበበ ከጠፋ ጌይኑ ነበር። ካልተለወጠ ወደ ግፊት ሴንሰሩና ወደ ግፊት ታንኩ አየር ሂድ።

ሰርኪዩት

እኔ ግን ኢንቴግራል ታይሙ ይመስለኛል። በጣም አጥረውት ይሆናል።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ሳላይ አልፈርድም።

የፖሊ ልጅ

እኔ ገባኝ። ታዲያ ኢኒሻል ቫልዩም ስቴብል መሆንን ይጠይቃል? አስጠኚው «ሁለቱም አንድ ዓይነት ሁኔታ አላቸው» ብሎ ነበር።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

አይጠይቅም። ኢኒሻል ቫልዩ የሚያየው ልክ ስቴፑ እንደገባ ያለውን ቅጽበት ነው። ሲስተሙ በኋላ ቢፈነዳም ያ ቅጽበት አለ። ለዚህም ነው በ `K = 114` እንኳን ልክ የሚናገረው። ውጤቱ ከዜሮ ይነሳል፣ ኤረሩ ከ1 ይነሳል። ኮንትሮለሩ የሚያወጣው ደግሞ ከ114 ይነሳል። እኔ ሥራ ላይ ይህን ቁጥር ከሁሉ በላይ እፈልገዋለሁ። አምፕሊፋየርሽ 24 ብቻ መስጠት የሚችል ከሆነ በመጀመሪያው ቅጽበት ጣሪያውን ነካ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሽው ሊኒየር ሂሳብ ሁሉ አይገዛውም።

እሱ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው። የላይኛው ዲግሪ ከታችኛው ሲያንስ ነው የሚሠራው። `(s+3)/(s+1)` ን ውሰጂ። በ `s` አባዝተሽ `s` ን ወደ ኢንፊኒቲ ብትወስጂ ኢንፊኒቲ ይወጣል። አካፍለሽ ብታዪው ግን `1 + 2/(s+1)` ነው። 1ኛው ኢምፐልስ ነው፣ ዜሮ ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል። የቀረው ከ2 ይነሳል። ስለዚህ ዲግሪው እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ መጀመሪያ አካፍዪ፣ ኢምፐልሱን ለይተሽ አውጪ፣ ቲዎረሙን በቀሪው ላይ ተጠቀሚ። ኮንትሮለርሽ ላይ ደሪቫቲቭ ስትጨምሪና ስቴፕ ስታስገቢ የሚመጣው ምት ይኸው ነው።

5ኛ ዓመት

ስለ አስጠኚው ልናገር፣ ተምሬበታለሁ። ፓርሻል ፍራክሽን ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ሰዓት ያከብራል፣ ትዕግሥተኛም ነው። ግን ፋይናል ቫልዩ ላይ ፖል ሲያይ አላየሁትም። ሀንድአውቱ ደግሞ ሁኔታውን በአንድ መስመር ይጠቅሳል፣ ምሳሌዎቹ ግን ሁሉም ስቴብል ናቸው። ስለዚህ መስመሩ መቼ እንደሚያስፈልግ አይታይሽም። ምሳሌ የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ያገኝበታል።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

እንግዲያው የእኔ ምርጫ ካልኩሌተሩ ነው። 991 ኪዩቢክ ኢኩዌሽን ይፈታል፣ ኮምፕሌክስ ሩቱንም ያሳያል። ላንቺ ጥያቄ 1፣ 6፣ 11፣ 120 ብለሽ አስገቢና ሩቶቹን እዪ። አንዱ ሪል ክፍል እንኳን ፖዘቲቭ ወይም ዜሮ ከሆነ ፋይናል ቫልዩን ተዪው። 82 የሚባለው ግን ይህን አይሠራም፣ በርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢው። ስትገዢ እዚያው ሱቁ ውስጥ አብርተሽ ይቺኑ ኢኩዌሽን ሞክሪ።

ላፕቶፕ ካለሽ ኦክታቭ ነፃ ነው። ያለ ምንም ተጨማሪ ፓኬጅ እንዲህ በዪው፦

```
K = 114;
roots([1 6 11 6+K])
```

የኮንትሮል ፓኬጁን ከጫንሽ ደግሞ ይቺን ሞክሪ፦

```
pkg load control
T = tf(114, [1 6 11 120]);
dcgain(T)
step(T, 10)
```

`dcgain` ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 0.95 ይልሻል። ቀጥሎ ያለው ግራፍ ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል። ሶፍትዌሩም እንደ ቲዎረሙ `s` ን ዜሮ አድርጎ ነው የሚያሰላው፣ ስቴብል መሆኑን አያጣራልሽም።

ሰርኪዩት

ለፈተና ግን ካልኩሌተር የማያስገቡ መምህራን አሉ። ያኔ ምን ልታደርግ ነው? እኔ አሁንም ሀንድአውት ነው የምለው።

አውቶሜሽን ላይ ያለች

ያኔ ራውዝ አለላት። ለ3ኛ ዲግሪ አንድ ማባዛትና አንድ ማወዳደር ነው፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ፖዘቲቭ እስከሆኑ ድረስ። ሀንድአውቱን ከጓደኛ ተውሶ ማንበብም ይቻላል።

የፖሊ ልጅ

ሀንድአውቱ ያለው ልጅ ዶርም ጎረቤቴ ነው፣ እጠይቀዋለሁ። 991 የት ብገዛ ይሻላል? ገበያ ውስጥ አስመስለው የተሠሩ አሉ ይላሉ።

5ኛ ዓመት

አስመስለው የተሠሩት ሲበዙ አይቻለሁ። ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፣ ከፈለግሽ አብረን እንሂድና ኢኩዌሽኑን እዚያው እንሞክር።

ጣና ዳር ጥገና

ጌይኑን በግማሽ ቀነስኩት። ማታ ውሃ የሚጠቀም ሰው ሲያንስ ከ3.8 እስከ 4.2 ሆነ። ጠዋት እንግዶች ሻወር ሲገቡ ግን ተመልሶ ይዋዥቃል። የኢንቴግራሉ ቁጥር 0.5 ይላል፣ ሰከንድ ይሁን ሌላ አላውቅም። የድራይቩን ስክሪን ፎቶ ለማን ልላክ?