ክሎሮናይትሮቤንዚን አልሠራ አለኝ፣ ፍላስኩ አሁን እሳት ላይ ነው፣ እባካችሁ

ፍላስክ ጠባቂዋ፦
ሰላም፣ አስቸኳይ ነው። ክሎሮናይትሮቤንዚንን ከሞርፎሊን ጋር እያማሰልኩ ነው። K2CO3 አለበት፣ ሶልቬንቱ ዲኤምኤስኦ ነው፣ 90 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ከጠዋት ጀምሮ ቲኤልሲ ባወጣም የመነሻው ነጥብ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይመጣል የተባለው ቢጫ ቀለምም የለም። ናይትሮ ካለ ክሎሪኑ ወጥቶ ሞርፎሊኑ ይተካዋል ተብሎ አልነበር እንዴ? እስከ ማታ ውጤት ማሳየት አለብኝ።

እሳት ጨምሪ፦
130 አድርሺውና ምሳሽን ብይ። ስትመለሺ አልቆ ታገኚዋለሽ። ክሎሪን ሰነፍ ነው፣ ካልተለበለበ አይነሳም።

አቶ ለምን፦
እኔ ነገሩ ከመነሻው አልገባኝም። የቤንዚን ቀለበት ራሱ በኤሌክትሮን የተሞላ ነው። ሞርፎሊንም የሚመጣው ኤሌክትሮን ሊሰጥ ነው። ማን ማንን ይፈልጋል? ደግሞ ናይትሮ ቀለበቱን ያዳክማል ተብለን ነው የተማርነው። እንዲያውም ናይትሮውን ብታወጪው የሚሻል ይመስለኛል።

ቀስት በቀስት፦
እህቴ፣ የትኛው ክሎሮናይትሮቤንዚን ነው? ናይትሮው ከክሎሪኑ አጠገብ ኦርቶ ላይ ነው፣ አንድ ካርቦን አልፎ ሜታ ላይ ወይስ ፊት ለፊት ፓራ ላይ? ጠርሙሱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብቢልኝ። እስከዚያ እሳቱን አትንኪው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ናይትሮ የሌለው ክሎሮቤንዚን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ፌኖል እንዲቀየር 350 ዲግሪ ገደማና ከባድ ግፊት ይፈልጋል። ፋብሪካ እንጂ ፍላስክ አይችለውም። ፓራ ላይ አንድ ናይትሮ ስትጨምሩ ወደ 160 ዲግሪ ይወርዳል። 2 እና 4 ላይ ሁለት ናይትሮ ካለ 100 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። በ2፣ 4 እና 6 ሦስቱም ከተሟሉ ሞቅ ያለ ውሃ ብቻውን ክሎሪኑን ያስወጣዋል። በእኛ ጊዜ ይህን ያላወቀ ተማሪ ላብራቶሪ በር ላይ ይቆም ነበር። አቶ ለምን፣ ናይትሮውን አውጪው ያልከውን መልሰህ አስብበት።

ብሮማይድ ነኝ፦
እኔም ይሄ ገጥሞኛል። የኔ ፓራ ክሎሮቶሉዊን ነበር። ሶዲየም አማይድ በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ስጨምርበት ሠራ። ምርቱ ግን ፓራና ሜታ ተደባልቆ ወጣ። ሶዲየም አማይድ ሞክሪ።

ቀስት በቀስት፦
ብሮማይድ፣ ያንተ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ ቤዙ መጀመሪያ ከጎን ያለውን ሃይድሮጅን ነጠቀ፣ ክሎሪኑ ተከትሎ ወጣ፣ ቤንዛይን ተፈጠረ። አሞኒያው በሁለቱም በኩል ሊገባ ስለሚችል ነው ምርትህ የተደባለቀው። ናይትሮ ባለበት ቀለበት ላይ ሶዲየም አማይድ ብትጨምር ጥቁር ሙጫ ነው የምታገኘው።

ፍላስክ ጠባቂዋ፦
1-ክሎሮ-3-ናይትሮ ይላል። መደርደሪያው ላይ የተገኘው እሱ ነው። ልዩነት አለው እንዴ? ናይትሮው እኮ አለ።

ሳቂታው፦
ሜታ ላይ ያለ ናይትሮ ማለት ቤትሽ ሲዘረፍ በመስኮት የሚያይ ጎረቤት ነው። አለ፣ ግን የለም።

ቀስት በቀስት፦
ሳቂታው ቀልዱን ይተወውና እውነቱን ነው። ወረቀት አውጪና አብረን እንሳል።

የሞርፎሊኑ ናይትሮጅን ክሎሪን የያዘውን ካርቦን ይመታል። ከኋላ ሊመጣ አይችልም፣ ቀለበቱ ራሱ መንገዱን ዘግቶታል። ስለዚህ ኤስኤን2 የሚባለው እዚህ አይሠራም። የሚመጣው ከላይ፣ ከቀለበቱ ፊት ነው። ካርቦኑ አዲሱን ቦንድ ሲቀበል ክሎሪኑ ገና አልሄደም። ሁለቱም አንድ ካርቦን ላይ ተቀምጠዋል። ካርቦን ደግሞ አምስት ቦንድ አይዝም። አንዱ የቀለበቱ ፓይ ቦንድ መሰበር አለበት፣ የእሱም ሁለት ኤሌክትሮኖች ወደ ቀለበቱ ውስጥ ይገፋሉ። በዚህ ሰዓት ቀለበቱ አሮማቲክነቱን አጥቷል። ውድ እርምጃ ነው፣ ሪአክሽኑ ቀርፋፋ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያን ኔጌቲቭ ቻርጅ በቀስት ተከተይው። ከተመታው ካርቦን አጠገብ ያለው ካርቦን ላይ ያርፋል፣ ይኸውም ኦርቶ ነው። ከዚያ ወደ ፓራ ይዘላል፣ ከዚያም ወደ ሌላኛው ኦርቶ። ሦስት ቦታ ብቻ። ሜታ ላይ አንድም ጊዜ አያርፍም። ደጋግመሽ ሳይው፣ አይወጣልሽም።

ናይትሮው ፓራ ላይ ቢሆን ቻርጁ እሱ ያለበት ካርቦን ላይ ሲደርስ አይቆምም፣ ወደ ናይትሮው ኦክስጅኖች ያልፋል። ኦክስጅን ኔጌቲቭ ቻርጅ መሸከም ይችላል። መካከለኛው ውህድ ስለሚረጋጋ ወደ እሱ የሚያደርሰው አቀበትም ዝቅ ይላል። ከዚያ ኤሌክትሮኖቹ ይመለሳሉ፣ ክሎሪኑ ይባረራል፣ ቀለበቱ አሮማቲክ ይሆናል።

ያንቺ ናይትሮ ግን ሜታ ላይ ነው። በሲግማ ቦንዶቹ በኩል ትንሽ ይስባል፣ ጨርሶ ዋጋ የለውም አልልም። ቻርጁን የሚቀበልበት በር ግን የለውም። እሳት ጨምሪ ያለሽን ብትሰሚ ሌሊቱን ሙሉ ዲኤምኤስኦ ትቀቅያለሽ።

አቶ ለምን፣ ናይትሮ ቀለበቱን የሚያዳክመው ኤሌክትሮን ፈላጊ ሲመጣ ነው። እዚህ የመጣው ኤሌክትሮን ሰጪ ነው። ያው ባሕርይ አንዱን ያባርራል፣ ሌላውን ይጠራል።

አቶ ለምን፦
እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ግን መካከለኛው ውህድ ያልከው ነገር ማን አየው? ወረቀት ላይ ሁሉም ይሳላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ማይዘንሃይመር በ1902 አይቶታል! ከትራይናይትሮፌኖል ሜቲል ኤተር ተነሥቶ ፖታሲየም ኤቶክሳይድ ጨመረ። በሌላ በኩል ከኤቲል ኤተሩ ተነሥቶ ፖታሲየም ሜቶክሳይድ ጨመረ። ሁለቱም ያንኑ ቀይ ጨው ሰጡ። አሲድ ሲጨምርበት ደግሞ የሁለቱ ኤተሮች ድብልቅ ወጣ። ሁለቱም አልኮክሲዎች አንድ ካርቦን ላይ ካልተቀመጡ ይህ እንዴት ይሆናል? ስሙም እስከ ዛሬ በእሱ ይጠራል።

ሊቪንግ ግሩፕ፦
እኔ ደግሞ አንድ ምክር ልጨምር። ክሎሪን ደካማ ሊቪንግ ግሩፕ ነው። አዮዲን ከሁሉም በላይ በቀላሉ ይለቃል። አዮዶ ናይትሮቤንዚን ፈልጊ፣ በደቂቃ ያልቃል።

ቀስት በቀስት፦
ፓራ አዮዶ ከሜታ ክሎሮ ይሻላል፣ እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ቅደም ተከተሉ ግን እዚህ ይገለበጣል። ቀርፋፋው እርምጃ መግባቱ እንጂ መውጣቱ አይደለም። ፍሎሪን ካርቦኑን ክፉኛ በኤሌክትሮን ስለሚያስርበው ሞርፎሊኑ ቶሎ ይገባል። 2፣4-ዳይናይትሮ ሃሎቤንዚኖች ከፒፐሪዲን ጋር ሲለኩ ፍሎሪኑ ከአዮዲኑ ወደ 3300 ጊዜ ይፈጥናል። ክሎሪንና ብሮሚን ሁለቱም ከአዮዲን የሚፈጥኑት አራት ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። የካርቦንና የፍሎሪን ቦንድ ጠንካራ መሆኑ አያስጨንቅም፣ ሲሰበር ቀለበቱ አሮማቲክነቱን እያስመለሰ ነው። ሳንገር ኢንሱሊን ላይ 1-ፍሎሮ-2፣4-ዳይናይትሮቤንዚንን የተጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ፕሮቲኑ ሳይጎዳ በለስላሳ ሁኔታ ይያያዛል።

ፍላስክ ጠባቂዋ፦
ኧረ ጉድ! ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? ጎን ያለው ላብ 4-ፍሎሮናይትሮቤንዚን አለው፣ ትንሽ ይሰጡኛል።

ቀስት በቀስት፦
እሱን ውሰጂ። 1.41 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ደረቅ ዲኤምኤስኦ ውስጥ አሟሚ፣ ያ 10 ሚሊ ሞል ነው። ሞርፎሊን 1.05 ግራም፣ K2CO3 ደግሞ 2.76 ግራም ጨምሪ። የተፈጨ ይሁን፣ ድንጋይ ሆኖ ከተቀመጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። 90 ዲግሪ ላይ አማስይው። ቢጫው ቶሎ ይመጣል፣ ቀለሙን ብቻ ግን አትመኚ፣ በየሰዓቱ ቲኤልሲ አውጪ። የመነሻው ነጥብ ሲጠፋ አቀዝቅዢና በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አፍስሺው። ቢጫ ጠጣር ይወርዳል። አጣሪ፣ ዲኤምኤስኦው እንዲወጣ በደንብ በውሃ እጠቢ፣ አድርቂ። ሙሉ በሙሉ ቢሠራ 2.08 ግራም ነው የሚወጣው። መቅለጫው 150 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት።

ፓራ ክሎሮውን ብትጠቀሚ ይሠራል፣ ግን ይጎተታል። ለማታ አይደርስም።

እሳት ጨምሪ፦
K2CO3ውን በKOH ቀይሪው፣ ይበልጥ ይፈጥናል።

ቀስት በቀስት፦
ቀይሪና ሃይድሮክሳይዱ ራሱ ገብቶ ናይትሮፌኖል ይሥራልሽ። እሱም በቤዝ ውስጥ ቢጫ ነው፣ ሠራልኝ ብለሽ ትደሰቻለሽ። ከተጠራጠርሽ ትንሽ ናሙና ላይ ሁለት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨምሪ። የናይትሮፌኖሉ ቢጫ ይጠፋል። ያንቺ ምርት ግን ቢጫ እንደሆነ ይቆያል።

ብሮማይድ ነኝ፦
ከዚህ ሁሉ 1-ክሎሮ-2፣4-ዳይናይትሮውን ብትወስድስ? ቀዝቃዛ ላይ እንኳ ይሠራል።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሠራል፣ ግን ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ብርቱ አለርጂ ይፈጥራል። አንዴ ከተቀሰቀሰ ከዚያ በኋላ ትንሿም ያሳክካል። ደግሞ የምትፈልገው ምርት እሱ አይደለም፣ አንድ ትርፍ ናይትሮ ይኖረዋል።

አቶ ለምን፦
እኔ አሁንም አልረካሁም። በ2018 ከሃርቫርድ የወጣ ሥራ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሪአክሽኖች በአንድ እርምጃ ነው የሚያልፉት፣ መካከለኛ ውህድ የለም ይላል። ታዲያ የመግባትና የመውጣት ታሪካችሁ ወደቀ ማለት ነው።

ቀስት በቀስት፦
አልወደቀም። ጽሑፉ እንደሚለው ቻርጁን በደንብ የሚይዝለት ከሌለ መካከለኛው ውህድ ሳይቆም ያልፋል። ጠንካራ ናይትሮ ያላቸው አሁንም በሁለት እርምጃ ነው የሚሄዱት። አንድ ናይትሮና ፍሎሪን ያለበትስ የት ነው የሚመደበው? እሱ ላይ መከራከር ይቻላል።

አቶ ለምን፦
እንከራከራ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ መሃል ልግባ። የኔ 2-ክሎሮፒሪዲን ነው፣ ናይትሮ የለውም። ግን ከአሚን ጋር ሠራ። 3-ክሎሮው ደግሞ እምቢ አለ። ይሄም ያው ነገር ነው?

ሳቂታው፦
ጎረቤቱ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ቀስት በቀስት፦
ያው ነው። የቀለበቱ ናይትሮጅን ራሱ ቻርጁን ይቀበላል። 2 ወይም 4 ላይ ሲመታ ቻርጁ ናይትሮጅኑ ላይ ያርፋል፣ 3 ላይ ሲመታ አያገኘውም። ቀስቶቹን ሳልና ንገረኝ። ፍላስክ ጠባቂዋ፣ ቲኤልሲው ምን አለ?