ጥቆማ፦ የዴሊቨሪ ተፎካካሪዎቻችንን በምን እናወዳድር?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የዴሊቨሪ ሥራ ልንጀምር ነው። አራት ሞተር አለን። ልናገለግል ያሰብነው በቴሌግራም ልብስና ጫማ የሚሸጡ ሰዎችን ነው። ገበያው ጢም ብሎ ስለሞላ መጀመሪያ ተፎካካሪዎቻችንን በሰንጠረዥ አስቀመጥን። አስራ አንድ ድርጅት፣ ሃያ ሁለት ረድፍ ሆነ። አፕ አለው? እቃው የት እንደደረሰ ያሳያል? እሁድ ይሠራል? እያልን ራይትና ኤክስ አደረግንበት። አሁን ሳየው ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ምን እንጨምር? ምንስ እናውጣ? የሠራችሁበት ካላችሁ ጠቁሙኝ።

በጅምላ ንግድ ላይ ያለ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ነጋዴ የሚያየው ዋጋ ነው። ከመርካቶ ቦሌ፣ ከመርካቶ ጀሞ፣ ከመርካቶ አያት ስንት እንደሚያስከፍሉ ደውለህ ጠይቅ። ከሁሉም ትንሽ ዝቅ በል። ሌላው ረድፍ ጌጥ ነው።

ዲስፓች ላይ ስድስት ዓመት የሠራች፦ ዋጋ ይቀድማል ያልከው ልክ ነው። ግን በስልክ የሚነገረው ዋጋና ነጋዴው በመጨረሻ የሚከፍለው አይገናኙም። ልዩነቱን የሚያመጣው ተመላሽ እቃ ነው።

ሁለት ድርጅት እንውሰድ፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። «ሀ» በአንድ እቃ 200 ብር ይላል። አስር እቃ ሰጠኸው፣ ሦስቱ ተመለሱ። ለመመለሻም 200፣ 200 ያስከፍላል። በድምሩ 2,600 ብር ወጣ፣ ደንበኛ እጅ የገባው ግን ሰባት እቃ ነው። አንዱ 371 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። «ለ» 280 ይላል። ከአስሩ አንድ ብቻ ተመለሰ፣ ለመመለሻ አያስከፍልም። 2,800 ለዘጠኝ ሲካፈል 311 ነው። በስልክ ርካሽ የነበረው «ሀ» ውድ ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂው፣ ጎግል ሺት ላይ ከሆነ የሠራኸው ይህን አስገባ። B2 ዋጋ፣ B3 የተላከ፣ B4 የተመለሰ፣ B5 የመመለሻ ክፍያ ነው።

```
=(B2*B3+B4*B5)/(B3-B4)
```

እቃ ለምን ይመለሳል ካልክ፣ እኔ ያየሁት አብዛኛው ደንበኛው ስለጠላው አይደለም። ሞተረኛው አንዴ ደውሎ ካልተነሳለት ይሄዳል። ቤታችን በቁጥር አይገኝም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ሰማያዊ በር» ነው አድራሻው። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ይደውላሉ?» የሚለው ረድፍ «አፕ አለው?» ከሚለው ይበልጣል።

ቡቲክ ያላት፦ እኔ የምትፈልጉት ዓይነት ደንበኛ ነኝ፣ በቴሌግራም ነው የምሸጠው። እውነቱን ልንገራችሁ? ሰንጠረዣችሁ ላይ ካሉት አንዱንም አልጠቀምም። የማውቀው ባለሞተር ልጅ አለ። ጠዋት ይመጣል፣ እቃ ይወስዳል፣ ማታ ሂሳብ ያስገባልኛል። ሲታመም ወይም ሞተሩ ሲበላሽ ብቻ ነው ድርጅት የምፈልገው።

አንዴ ድርጅት ሞክሬ ብሬን በስድስተኛው ቀን ነው ያገኘሁት። በቀን የ8,000 ብር እቃ እልክ ነበር። እኔ ጋ ሳይደርስ 48,000 ብር ሰው እጅ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሳምንት መርካቶ ወርጄ እቃ መሙላት አልቻልኩም። ስለ ብሩ የሚጠይቅ ረድፍ አላችሁ?

ጠያቂው፦ የለንም። «ካሽ ይሰበስባሉ?» የሚል ነው ያለን፣ ለሁሉም ራይት አድርገናል።

ዲስፓች ላይ የሠራች፦ በቃ እሱን አውጥተህ «ብሩን በስንተኛው ቀን ያስገባሉ?» በለው። መልሱ ቁጥር ይሁን። ቡቲኳ ያለችውን ባለሞተር ልጅም እንደ አንድ ተፎካካሪ ራሱን የቻለ ዓምድ ስጠው። ዋናው ባላጋራችሁ እሱ ነው። ቢዩ እና ደሊቨር አዲስ በምግብ የታወቁ ናቸው፣ ዲኤችኤል የውጭ አገር እቃ ነው። ከእነሱ ጋር ተሰልፈህ ራይትና ኤክስ ብትቆጥር ለጫማ ሻጭ ምንም አይነግራትም። ከአስራ አንዱ አራት ወይም አምስት ቢቀርህ ይበቃል።

ከሐዋሳ የሚጽፍ፦ ለእኔ ቢጠቁሙኝ፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ልብስ የሚያመጣ አስተማማኝ ማን ነው? እስካሁን በአውቶቡስ ለረዳቱ እየተሰጠ መናኸሪያ ሄጄ ነው የምቀበለው።

በጅምላ ንግድ ላይ ያለ፦ ወንድሜ፣ እዚህ የተጠየቀው ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ፖስታን ሞክር፣ ቅርንጫፍ እዚያ አለው። ዲስፓቿ ያለችው ግን ገብቶኛል፤ እኔም የመመለሻውን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጠያቂው፦ እነዚህን ቁጥሮች ከየት አመጣለሁ? ደውዬ ብጠይቅ «አይመለስም፣ በማግስቱ እናስገባለን» ነው የሚሉኝ።

ዲስፓች ላይ የሠራች፦ ራስህ ላክ። ተመሳሳይ ጥቅል አዘጋጅ፣ ለምሳሌ አንድ ጫማ በካርቶን። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአራቱም ድርጅት ስጥ። ሦስት መድረሻ ምረጥ፤ አንዱ ቦሌ ያለ ቢሮ፣ አንዱ አያት ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ጀሞ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ ቤት። ተቀባዩ ጓደኛህ ይሁንና የመጀመሪያውን ጥሪ አያንሳ። ሞተረኛው ደግሞ ይደውላል ወይስ ይመለሳል? ይህን በሰዓቱ ይመዝግብ።

በየሳጥኑም ውስጥ ቀኑንና ምንጩን ጻፍ፤ «ማስታወቂያ»፣ «በስልክ»፣ «ራሴ ልኬ»። የማታውቀውን ባዶ ተወው እንጂ «የለም» አትበል። የሰንጠረዥህ ትልቁ ስህተት ይኸው ይመስለኛል። ነዳጅ ሲጨምር ዋጋው ይቀየራል፣ ቀን የሌለው ሳጥን ያሳስትሃል። የራሳችሁን ዓምድ ደግሞ በተስፋ አትሙሉት። ሞተረኞቻችሁ ሳያውቁ በዚያው መንገድ ፈትኗቸው።

ሞተረኛ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። እኔ በእቃ ነው የሚከፈለኝ፣ ለተመለሰ አይከፈለኝም። አውቃችሁ ስልክ ካላነሳችሁ አያት ድረስ በነዳጄ ሄጄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። የምትፈትኑት ድርጅቱን ነው፣ የሚከፍለው ግን እኔ ነኝ።

ሌላው ደግሞ የሞተሩ ፈቃድ ነው። ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሏል። የቡቲኳ ልጅ ፈቃድ አለው? ከሌለው አንድ ቀን እቃው ከነሞተሩ ይያዛል። ይህንም ረድፍ አድርጉት።

ቡቲክ ያላት፦ ስለ ፈቃዱ ጠይቄው አላውቅም፣ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብዙ ደንበኛ በር ላይ ሆኖ በቀጥታ ለእኔ ያስተላልፋል። ያን ጊዜ የስድስት ቀኑ ጣጣ የለም። በምትኩ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ «ገባልሽ?» እያለ ይደውላል። ኔትወርክ ሲያስቸግር መልእክቱ ይዘገያል። የደንበኛውን ስክሪንሾት አላምንም፣ አንዴ የውሸት ልከውልኝ ያውቃሉ። ሩብ ሰዓት ቆመው የሚጠብቁ አሉ፣ እቃውን ይዘው የሚሄዱም አሉ። እኔ የሚጠብቀኝን ነው የምመርጠው።

ሞተረኛ፦ ሩብ ሰዓት ለእኔ አንድ ሌላ እቃ ነው። ማን ይከፍለኛል?

ዲስፓች ላይ የሠራች፦ ለዚህ መልስ የለኝም። እኔ የሠራሁበት ቦታም አልተፈታም ነበር። ስለ ፈተናው ያልከው ግን ልክ ነው። ጠያቂው፣ ጓደኛህ ሁለተኛውን ጥሪ ያንሳና እቃውን ይቀበል። ሳይደግሙ ለሚመለሱት ደግሞ ፈልገህ የነዳጃቸውን ስጥ። በጀትህ ውስጥ አስገባው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለቱን ረድፍ ወደ ስድስት አወረድኩት፦ አንድ የደረሰ እቃ በእውነት ስንት ይፈጃል፣ ስንት ጊዜ ይደውላሉ፣ ብሩ በስንት ቀን ይገባል፣ በር ላይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ የሞተር ፈቃድ፣ እቃ ቢጠፋ ምን ይከፍላሉ። ማክሰኞ አስራ ሁለት ጥቅል እንልካለን። ለእያንዳንዱ ድርጅት ሦስት ብቻ ነው፣ ያንሳል?

ዲስፓች ላይ የሠራች፦ የተመላሽ እቃን ለመለካት በጣም ያንሳል። ከሦስት አንድ ቢመለስ ምንም አትልም። ለብሩ ቀንና ለጥሪው ግን ይጀምርልሃል። የተመላሹን ቁጥር ከሻጮች ጠይቅ፤ አምስት ስድስት ባለቡቲክ ያለፈውን ወር ደብተር ቢያሳዩህ አንተ ከምትልከው ይሻላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ድገመው፣ ዝናብ ሲሆን ቁጥሩ ሌላ ነው።

ቡቲክ ያላት፦ የእኔን ደብተር ላሳይህ እችላለሁ። የደንበኞቹን ስልክ ሸፍኜ።