የአማቴን መምጣት ሳላስከፋቸው እንዴት ወደ ሌላ ጊዜ ላስተላልፍ?

ምራት ከአዲስ አበባ፦ አማቴ ጥምቀትን ውለው ከደብረ ማርቆስ ሊመጡ ነው፤ ሦስት ወር ይቀመጣሉ። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የማስተርስ ጽሑፌን ሰኔ 5 አስረክባለሁ፤ የምጽፈውም ሌሊት፣ እሳቸው በሚተኙበት ሳሎን ነው። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ለጎረቤትም ተነግሯል። ባለቤቴ «አንቺው ጻፊላት» አለኝ። «ቤቱ ስለማይበቃን ነሐሴ ይምጡ» ብዬ ጽፌ መላኩን ፈራሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እናት እንዴት አትምጪ ይባላል? ልጆቼን ያሳደጉልኝ አማቴ ናቸው። ዛሬ ቢኖሩ አልጋዬን ለቅቄ መሬት እተኛ ነበር።

ምራት፦ ይምጡልኝማ፣ እህቴ። ጊዜው ነው የቸገረኝ።

ባለትዳሩ፦ ባልሽ ይደውል፤ እናቱ ናቸው። አንቺ ምንም አትናገሪ።

አማትም ምራትም የሆንሁ፦ መደወሉስ ልክ ነው፤ ዝም ካልሽ ግን «ምራቴ ናት የከለከለችኝ» ይላሉ። እሱ ይደውል፣ አንቺ በዚያው ምሽት የድምፅ መልእክት ላኪ። «ቤቱ አይበቃንም» አትበዪ፤ «እኔ ጥግ ይበቃኛል» ካሉሽ መልስ የለሽም። ጎረቤት «ምነው ቀሩ?» ሲላቸው ሳያፍሩ የሚናገሩት ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ትምህርትሽ እውነትም ነው፣ ያኮራልም። ነሐሴን ተዪው፤ ጽሑፍሽን ሰኔ 5 ካስረከብሽ እስከዚያ የምታቆያቸው ምክንያት የለሽም። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ነግሮዎታል፤ እኔም በአንደበቴ ልንገርዎ ብዬ ነው። የትምህርቴን የመጨረሻ ጽሑፍ ሰኔ 5 አስረክባለሁ። እስከዚያ ሳሎን ስጽፍ ነው የማድረው፤ እርስዎ መጥተው ቡና እንኳ ሳላፈላልዎ ብቀር ይቆጨኛል። የሰኔ ሚካኤልን እዚያው ያንግሡ፣ በማግስቱ ልጅዎ መጥቶ ያመጣዎታል። በርበሬውን ከእጅዎ እቀበላለሁ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።»

ባልሽ ለሰኔ 13 አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ። ፈቃዱ ካልተገኘ ቀኑን አትጥሪ፤ ሁለተኛ ጊዜ ከተላለፈ የመጀመሪያውም ምክንያት ውሸት ይመስላቸዋል።

ባለትዳሩ፦ ሦስት ወሩንስ አብራችሁ ብታሳጥሩት?

አማትም ምራትም የሆንሁ፦ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አይነገራቸው።

ምራት፦ ትናንት ደወለ፤ ትንሽ ዝም ብለው «ትማር፣ ትጨርስ» አሉ። መልእክቴንም ለጎረቤት አሰምተዋል። ግን «ለፋሲካ አንድ ሳምንት ብቅ ብልስ?» ብለው ጠየቁት፣ እሱም «እንነጋገራለን» አለ።

አማትም ምራትም የሆንሁ፦ ነገ ሳይነጋ «ይምጡ» በሏቸው። የመመለሻ ትኬታቸውን ግን ከመሄጃው ጋር ቁረጡ። በርበሬውንም ያኔ ይዘው ይምጡ፣ እስከ ሰኔ አታቆዩአቸው።