በተማሪ ቪዛ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ፤ ገደቡ ልክ ነው ወይስ መነሳት አለበት?

ማታ ተማሪ፦
አሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ ነው የምማረው፤ የመጣሁት በ2023 ነው። ካምፓስ ውስጥ ላይብረሪ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ቤተሰብ የሚልከው ብር ደግሞ እንደ ድሮው አልሆነም። አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ቅዳሜና እሁድ በካሽ ሥራ ብሎኛል። ሕጉ ራሱ ልክ ነው ትላላችሁ? ተማሪ ከ20 ሰዓት በላይ፣ ከካምፓስም ውጭ ቢሠራ ማንን ይጎዳል?

ባለ ሁለት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርህ። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ። የምወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም፤ ወጥ ቤቱ ድስቱን አጥቦ እስኪጨርስ ጠብቄ በሱ መኪና እገባለሁ።

ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የኬሚስትሪ ላብ ነበረኝ። አንድ ቀን የቡሬቱን ቧንቧ ከፍቼ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፈሳሹ ብልቃጡን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ የዘጋችው አጠገቤ የነበረችው ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ያንን ኮርስ ማንንም ሳልጠይቅ ኦንላይን ገብቼ ጣልኩት። ከ13 ክሬዲት ወደ 9፣ ከሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሚጠበቀው በታች ወረድኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕጋዊ የተማሪነት ስታተሴ ተዘጋ የሚል ኢሜይል መጣ።

ልብ በል፣ ምግብ ቤቱን ማንም አልደረሰበትም። ያስያዘኝ የጣልኩት ኮርስ ነው። ስታተሴን ለማስመለስ ስሄድ ግን መጀመሪያ የተጠየቅኩት ያለ ፈቃድ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነበር። መዋሸት አልሆነልኝም። አገር ቤት ተመልሼ፣ ከትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን የቅበላ ወረቀት እንደ አዲስ ይዤ፣ እንደገና ቪዛ ጠይቄ ነው የገባሁት። አንድ ዓመት ከአራት ወር ወሰደብኝ።

ይህን ሁሉ አይቼም ሕጉ ልክ ነው አልልም። ካምፓስ ውስጥ 20 ሰዓት ባገኝ ኖሮ ምግብ ቤት አልሄድም ነበር።

የሴንት ፖሉ፦
ምን ያስጨንቃችኋል? ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ልዩ ፈቃድ አለ እኮ። እኔ በ2023 አውጥቼ ከካምፓስ ውጭ ሙሉ ሰዓት ሠርቻለሁ። ክሬዲትም ወደ 6 ዝቅ ማድረግ ይፈቀድ ነበር። ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ አለቀ።

ሰባት ዓመት በቢሮ፦
ወንድሜ፣ ያልከው ፈቃድ እውነት ነው፤ ግን አሁን የለም። በአገር ቤቱ ችግር ምክንያት ለኢትዮጵያውያን የኤፍ-1 ተማሪዎች ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ጀምሮ ተሰጠ። አንድ ጊዜ ተራዘመና ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ላይ አበቃ። በድሮው ወረቀት ተማምኖ የሚሠራ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያቁም።

እኔ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠያቂያችን ከሕጉ ክርክር በፊት ሁለት ነገር እንዲያይ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው እጁ ላይ ያለው ስምንት ሰዓት ነው። 12 እየሠራ ነው፤ 20 ድረስ መሙላት ይችላል። የካምፓስ ሥራ ማስታወቂያ ውስጥ ብዙው «ወርክ ስተዲ» ይላል። እሱ የፌዴራል እርዳታ ስለሆነ ለኤፍ-1 አይሆንም። ልጆቻችን አሥር ቦታ አመልክተው መልስ ሲያጡ «ሥራ የለም» ብለው ይተዋሉ፤ ያመለከቱት ለማይመለከታቸው ሥራ ነው። ያንን ቃል የሌለበትን ብቻ ፈልግ። የተማሪዎች ካፍቴሪያና የመጻሕፍት መደብር በሌላ ኩባንያ ቢተዳደሩም ግቢው ውስጥ ተማሪውን የሚያገለግሉ ከሆነ ይቆጠራሉ። ግቢው ውስጥ ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ግን አይቆጠርም።

ሁለት ሥራ ስትይዝ ደግሞ ሰዓቱ ይደመራል። ላይብረሪ 12፣ ካፍቴሪያ 10 ብትሠራ 22 ነው። ሁለቱ አለቆች አይተዋወቁም፤ ደመወዝ ክፍሉ ግን አንድ ነው። ይህ ሳምንት 25፣ የሚቀጥለው 15 ብሎ ማቻቻልም የለም፤ እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ነው የሚታየው። የሰው ፈረቃ ከመሸፈንህ በፊት ሳምንቱ በምን ቀን እንደሚጀምር ጠይቅ። ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ዕረፍት፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር የምትመለስ ከሆነ ግን ካምፓስ ውስጥ ሙሉ ሰዓት መሥራት ትችላለህ።

እናት ከአዲስ አበባ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጄን ስልካት የባንክ ሂሳብ አሳይቼ፣ ለትምህርቷም ለኑሮዋም ይበቃል ብዬ ፈርሜ ነው። ታዲያ ለምን ሥራ ትፈልጋለች? ደወልኩላት፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ሥራ ታበዛለች። ይህ ገደብ ባይኖር ጭራሽ ትምህርቱን ትተወው ነበር። እኔ እንዲያውም 10 ሰዓት ይሁን ባይ ነኝ።

ባለ ሁለት ፈረቃ፦
እትዬ፣ አይቆጡኝ። የእርስዎ ሂሳብ እውነተኛ ይሆናል። የብዙዎቻችን ግን ከዘመድ ተሰብስቦ ለሦስት ወር ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ቪዛው ሲመታ ወደየባለቤቱ ተመለሰ። እዚህ የደረስነው በሁለት ሻንጣና በአጎት ተስፋ ነው።

ሰባት ዓመት በቢሮ፦
እትዬ ያነሱት ነገር ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ነጥቤ እሱ ነው። የፈረሙበት ገንዘብ እውነተኛ የነበረ፣ ግን በእጅ ውስጥ የሟሸሸ ሰው መንገድ አለው።

አንድ ዓመት ሙሉ በኤፍ-1 የተማረ ልጅ፣ ሲገባ ያልነበረ ከባድ ችግር ከደረሰበት፣ ከካምፓስ ውጭ የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከሚቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ የአገር ገንዘብ በብዙ መውደቅ ነው። ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመለቀቁ በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። አባቱ በወር 500 ዶላር ይልክለት የነበረ ልጅን አስቡ። ያኔ 28,500 ብር ይበቃ ነበር። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው 500 ዶላር 60,000 ብር ሆነ። የአባት ደመወዝ ግን አልተነሳም። ከዚያ ለውጥ በፊት ለመጣ ልጅ ይህ ማስረጃ ነው። ምንዛሬው ከወደቀ በኋላ የመጣ ግን «አላውቅም ነበር» ሊል አይችልም።

የሚያስፈልገው የባንክ ወረቀት፣ የአባት የደመወዝ ደብዳቤና የትምህርት ክፍያው ደረሰኝ ነው። የካምፓስ ሥራ ፈልጎ እንዳልበቃውም ማሳየት አለበት። ቢሮው አይ-20ው ላይ ድጋፉን ከጻፈ በኋላ አይ-765 የሚባለው የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ማመልከቻው በወረቀት ሲገባ ክፍያው 520 ዶላር ነው። ካርዱ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ሳይመጣ አንድ ቀን እንኳ መሥራት አይቻልም። ሲመጣም ትምህርት ባለበት ጊዜ ያው 20 ሰዓት ነው። የሚለወጠው ቦታው ነው።

የካልጋሪው፦
እኛ ጋ ካናዳ ከኖቬምበር 8 ቀን 2024 ጀምሮ ከካምፓስ ውጭ 24 ሰዓት ነው፤ ካምፓስ ውስጥ ሰዓቱ አይገደብም። ሰማይ አልተደፋም። አሜሪካስ ለምን አይቻልም?

ግን ልጨምርና እውነቱን ልናገር። ከ2022 መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 2024 የውጭውም ገደብ ተነስቶ ነበር። አብረውኝ የሚኖሩ ሁለት ልጆች መጋዘን ውስጥ 40 ሰዓት ገቡ። አንዱ ሁለት ኮርስ ወደቀ። ሌላው ደግሞ የዓመት ክፍያውን ያለ ብድር ጨረሰ። ሁለቱም ጎበዝ ነበሩ።

ፒኤችዲ አራተኛ ዓመት፦
እኔ ገደቡ እንዲነሳ አልፈልግም፤ ምክንያቴም ከእናንተ ይለያል። በረዳት ተመራማሪነት ነው የምኖረው፤ ውሌ 20 ሰዓት ነው። ፕሮፌሰሬ ቅዳሜ ላብ ና ሲለኝ «ውሌ 20 ነው፤ ስታተሴ ነው» እላለሁ። ከአለቃዬ ጋር ስነጋገር ሌላ መከላከያ የለኝም። ወደ 30 ካደረጋችሁት 30ው ግዴታ ይሆናል፤ ደመወዙ ግን እዚያው ይቀራል።

የአንደኛ ዲግሪውንም ደምሩት። 12 ክሬዲት ማለት 12 ሰዓት ክፍል፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ጥናት። 36 ሆነ። ሃያ ስትጨምሩ 56። ላይብረሪው 12፣ ምግብ ቤቱ ቅዳሜና እሁድ አሥር አሥር ሰዓት ከሆነ 68 ነው፤ ያውም መንገዱና እንቅልፉ ሳይቆጠር።

ማታ ተማሪ፦
የጥናቱ ሰዓት ገብቶኛል። ግን ያ ጊዜ የኔ ነው፤ ማደልም ማባከንም የኔ ነው። አሜሪካዊው ጓደኛዬ 35 ሰዓት ይሠራል፤ ማንም አይቆጥርበትም። በካሽ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ማን ያውቃል?

ሰባት ዓመት በቢሮ፦
ዛሬ ማንም ላያውቅ ይችላል። አንድ ልጅ ግን ዲቪ ደርሶት እያለቀሰ ቢሮዬ መጣ። እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ቅጹ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሠርተሃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሠርቷል፤ ሁለት ዓመት፣ በካሽ። አሜሪካዊ ላገባ ሰው ሕጉ ያንን ያልፈዋል። በዲቪ ለሚጠይቅ አያልፈውም። እውነቱን ቢጽፍ በሩ ይዘጋል፤ ቢዋሽ የባሰ ወንጀል ነው። የዲቪው ዓመት ደግሞ አይጠብቅም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት የምትሞላው አንተው ነህ፤ ያኔ የሚያውቅ ሰው አንተ ነህ።

ከጓደኛህ ጋር ማወዳደርህ ግን ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርህም። እኔም ብጠየቅ 20ውን ትቼ ቦታውን ነበር የምከፍተው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ሦስት መቶ የውጭ ተማሪ ተቀብሎ ግቢው ውስጥ አርባ ሥራ ብቻ ሲኖረው፣ ሃያ የተባለው በወረቀት ላይ ይቀራል።

የሴንት ፖሉ፦
ቦታው ከተከፈተ የሀበሻ ምግብ ቤት ሁሉ ሕጋዊ ቼክ መጻፍ ይኖርበታል። ስንቱ ይጽፋል? በካሽ የሚቀጥሩን እኮ ስለሚረክስላቸው ነው።

ባለ ሁለት ፈረቃ፦
እሱስ እውነት ነው። እኔ በሰዓት 9 ዶላር ነበር የሚከፈለኝ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ጭራሽ አልከፈሉኝም። ለማን ልክሰስ?

ሰባት ዓመት በቢሮ፦
ማታ ተማሪ፣ ከካምፓስ ቼክህ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ይቆረጣል? ኤፍ-1 በመጀመሪያዎቹ አምስት የካላንደር ዓመታት አይቆረጥበትም። በስህተት የሚቆርጡ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። በሰዓት 15 ዶላር ሃያ ሰዓት ብትሠራ በሳምንት የሚቆረጠው 23 ዶላር ገደማ ነው።

ማታ ተማሪ፦
አሁን አየሁት፤ ይቆረጣል። ከጃንዋሪ ጀምሮ። ሰኞ ደመወዝ ክፍል እሄዳለሁ፤ በዚያው ካፍቴሪያው ስለ ቀሩት ስምንት ሰዓታት እጠይቃለሁ። ለምግብ ቤቱ ባለቤት ቅዳሜ አልመጣም ብያለሁ። አባቴ ብሩ ከመለቀቁ ከአንድ ዓመት በፊት የከፈለበት የባንክ ወረቀት እንዳለ ልጠይቀው ነው። በሕጉ ላይ ግን አላሳመናችሁኝም።

እናት ከአዲስ አበባ፦
ልጄ፣ ያ 520 ዶላር የሚከፈለው ፈቃዱ ባይሰጥም ነው? ተመላሽ ይሆናል?

ሰባት ዓመት በቢሮ፦
አይመለስም፣ እትዬ። ለዚህ ነው ማስረጃው ሳይሟላ አታስገቡ የምለው።