ትርፍ አለ፣ ካሽ የለም፤ የ90 ቀን ዱቤ ልቀበል?

ሳሙናው (ጠያቂ)፦ ፈሳሽ ሳሙና አምርቼ ለሆቴልና ለሱፐርማርኬት አከፋፍላለሁ። የዓመት ሽያጬ ከቫት ውጪ 7.3 ሚሊዮን ብር ነው። የምርት ወጪዬ 5,475,000 ነው። ሒሳቡ ትርፍ ያሳያል፣ ወር ሲደርስ ግን ለደመወዝ እጨነቃለሁ። ያልተሰበሰበ ዱቤ 1,610,000 ብር አለኝ። መጋዘን ያለው ዕቃ 675,000 ነው። የጠርሙስ አቅራቢው ከኔ የሚፈልገው 172,500 ነው፤ ኬሚካል የምገዛው በእጅ በእጅ ነው። እንደ ስሌቴ ደንበኛ በ80 ቀን ነው የሚከፍለኝ። አሁን አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት በቀን የ4,000 ብር ዕቃ ልውሰድ አለኝ፣ ክፍያው በ90 ቀን። ልግባበት?

አቤል ነጋዴ፦ ግባበት እንጂ! በቀን 1,000 ብር ልዩነት አለህ። ካሽ ካጠረህ አቅራቢዎችህን አዘግያቸው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

እናት ሱቅ፦ እኔ ዱቤ የሚባል ነገር ከተውኩ ቆየሁ። ልብስ ነው የምሸጠው፣ ካልከፈሉ አይወስዱም። አንተም ተው።

ሒሳብ ሹም፦ እሷ የምትሸጠው ለሸማች ነው፤ ሱፐርማርኬት በእጅ በእጅ አይገዛህም። ወደ ቁጥርህ ልምጣ። 80 ቀን ያልከው ትክክል አይደለም። ያልተሰበሰበው ዱቤ ውስጥ 15% ቫት አለበት፣ ሽያጩ ውስጥ ግን የለም። 1,610,000ን ለ1.15 ስታካፍል 1,400,000 ይሆናል። በቀን 20,000 ስለምትሸጥ የምትሰበስበው በ70 ቀን ነው። የጠርሙሱንም እንዲሁ ብታደርግ 150,000 ነው። ወጪህ በቀን 15,000 ስለሆነ ዕቃው መጋዘን 45 ቀን ይቀመጣል፣ አቅራቢው ደግሞ 10 ቀን ብቻ ይታገስሃል። 70 እና 45 ደምረህ 10 ቀንስ። ያወጣኸው ብር ተመልሶ ኪስህ እስኪገባ 105 ቀን ይፈጃል።

አዲሱ ደንበኛ በቀን የ3,000 ብር ወጪ ያስወጣሃል። ዕቃው 45 ቀን መጋዘን፣ ከዚያ 90 ቀን ዱቤ፣ 10 ቀን ሲቀነስ 125 ቀን ነው። ስለዚህ ዑደቱ አንድ ዙር እስኪሞላ 375,000 ብር ይታሰርብሃል። በዚያ ላይ በየወሩ ወደ 18,000 ብር ቫት አለ። ከፊሉ ለአቅራቢ፣ ቀሪው ለገቢዎች ቀድሞ ይወጣል፤ ደንበኛው አለመክፈሉ ማንንም አያገባውም። ውሉ በራሱ ክፉ አይደለም። ጥያቄው 375,000 ከየት ይምጣ ነው። የድሮውን ዱቤ ከ70 ወደ 50 ቀን ብታወርደው 400,000 ይለቀቅልሃል። መጀመሪያ እሱን አድርግ።

ጭነት ዲሲ፦ እኔ አሜሪካ ከባድ መኪና ላይ ነኝ። ብሮከር በ30 ቀን ሲከፍለኝ ኢንቮይሱን ለፋክተሪንግ ድርጅት እሸጠዋለሁ። ኮሚሽኑን ቆርጦ ቶሎ ካሽ ይሰጠኛል። አዲስ አበባ ይህ የለም እንዴ?

ሒሳብ ሹም፦ እንዳንተ አገር በቀላሉ የምታገኘው ነገር አይደለም። አዋጅ 1147/2011 ግን ያልተሰበሰበ ሒሳብን ለብድር ማስያዣ ማድረግ ፈቅዷል። ባንክህን ጠይቅ፣ ግን ቤት አምጣ ቢሉህ አይግረምህ።

ሳሙናው፦ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን አየሁት። ሆቴሎቹ በ30 ቀን አካባቢ ይከፍላሉ። አንድ ነባር ሱፐርማርኬት ብቻውን 900,000 ብር ይዞብኛል።

ሒሳብ ሹም፦ በል፣ አማካዩ ይህን ነው የደበቀብህ። ሄደህ ኢንቮይሶቹን አንድ በአንድ አስፈትሽ። ብዙ ጊዜ የመረከቢያ ሰነድ ላይ ፊርማ ይጎድላል፣ ወይም ዋጋው ከግዢ ትዕዛዙ ጋር አይገጥምም። ፋይናንሳቸው ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፣ ማንም አይደውልልህም። ደግሞ ቀኑን የሚቆጥሩት ከየት ነው? ዕቃው ከገባበት ነው ወይስ ኢንቮይሱ ፋይናንስ ከደረሰበት? በአዲሱ ውል ላይ ይህን በግልጽ አጽፍ።

ሳሙናው፦ የኬሚካል አቅራቢው 30 ቀን ልስጥህ፣ ግን 3% እጨምራለሁ ብሏል። ልቀበል?

ሒሳብ ሹም፦ ለአንድ ወር 3% ማለት በዓመት ሲሰላ 36% ወለድ ነው። ኦቨርድራፍት ካለህ ከሱ ይረክስሃል።

አቤል ነጋዴ፦ ኦቨርድራፍት የሚሰጠው ማን ነው? ማስያዣ የሌለው ሰው 36%ቱን ከባንክ ወለድ ጋር አያወዳድርም፤ ከቆመ ማሽን ጋር ነው የሚያወዳድረው። እኔ ብሆን እወስደው ነበር።

ሒሳብ ሹም፦ ለአንድ ዙር እሺ። በየወሩ ከሆነ ግን የሳሙናው ትርፍ ለኬሚካል ነጋዴው ሄደ ማለት ነው።

ሳሙናው፦ ነገ ሰነዶቹን ይዤ ፋይናንሳቸው ጋር እገባለሁ። አዲሱን ደንበኛ በ45 ቀን፣ ካልሆነም የግማሹን ቼክ ዕቃ ስናስረክብ ስጡን ብዬ እሞክራለሁ። እንዲህ ተስማምቶ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።